አባት የተበደረውን ልጅ ይከፍላል?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሺሺንዳ እንደ ብዙዎቹ የካፋ ከተሞች ኑሮዋ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። ቡናው ሲደርስ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የሚንቀሳቀሰው ብድር ነው። ገበሬው ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለህክምና፣ ለአስቤዛ ከነጋዴው ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ይወስዳል። ነጋዴው በበኩሉ ከባንክ ይበደርና በመከር ሰሞን እሸት ቡናውን ይሰበስባል፤ ገንዘቡ ካነሰው ደግሞ ከገበሬው ላይ ቡናውን በዱቤ ወስዶ ስሙንና ኪሎውን በደብተር ይጽፋል። ማንም ሳይሞት ዓመቱ ካለፈ ሂሳቡ ጥር ላይ ይዘጋል።

ሰው ግን የቡናውን ወቅት ጠብቆ አይሞትም። ነጋዴው ኅዳር ላይ ድንገት ካረፈ፣ ቡናው ገና አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ የባንኩ ብድር ገና ሳይነካ፣ የገበሬዎቹ ደብተር ገና ሳይዘጋ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሚቀመጡት ለቀስተኞች መካከል ሟቹ የተበደራቸው ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ሰልስት እስኪያልፍ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ይልካል። ልጆቹ ደግሞ በሐዘን ላይ ሆነው አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ የአባታችን ዕዳ የእኛ ዕዳ ነው?

በአገሩ ልማድ መልሱ ብዙ ጊዜ አዎ ነው። የአባቱን ዕዳ ያልከፈለ ልጅ አጥንቱን አስወቀሰ ይባላል፤ ሟቹም ዕዳ ተሸክሞ ሄደ ተብሎ ያሳዝናል። በሕጉ ግን መልሱ ሌላ ነው፣ በሥራ ላይ ከዋለም ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ብዙ ወራሾች ይህን የሚያውቁት ከከፈሉ በኋላ ወይም ከተከሰሱ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዕዳ የሰውን ገላ የሚይዝበት ዘመን ነበር። ቁራኛ በሚባለው ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመጨረሻው ክፍል፣ በአንቀጽ 3347፣ በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩ የልማድ ደንቦችን በሙሉ ሻረ። የውርስ ጉዳይ ከአንቀጽ 826 ጀምሮ በሰፊው የተሸፈነ ስለሆነ፣ ልጅ የአባቱን ዕዳ በገዛ ገንዘቡ ይከፍላል የሚለው ልማድ በፍርድ ቤት ፊት ጉልበት የለውም። ይህ ማለት ግን ዕዳው ከሟቹ ጋር ይቀበራል ማለት አይደለም፤ ነገሩ የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው።

አንቀጽ 826 እንደሚለው ሰው ሲሞት ውርሱ የሚከፈተው በዚያው ሰዓት፣ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ወደ ወራሾቹ የሚተላለፉትም መብቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ግዴታዎቹም ናቸው። ከሰውየው ጋር የሚሞቱ ግዴታዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ለምሳሌ አናጺው ራሱ በእጁ ሊሠራው የተዋዋለው ሥራ። የባንክ ብድር፣ በዱቤ የተወሰደ ቡና፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ግን ይተላለፋሉ። ታዲያ ወራሹ እንዴት ይድናል? ሕጉ ያዘጋጀው መውጫ አንቀጽ 942 ላይ ይጀምራል፦ ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ለብቻው የቆመ ሀብት ነው። የሟቹ ሀብት በአንድ ወገን፣ የወራሹ የግል ሀብት በሌላ ወገን ይቀመጣሉ። የሟቹ ገንዘብ ጠያቂዎች የሚከፈሉት ከመጀመሪያው ነው፤ ወደ ሁለተኛው አይሻገሩም። በተቃራኒውም የልጁ የግል አበዳሪዎች የአባቱ ዕዳ ሳይከፈል በአባቱ ሀብት ላይ አይሰፍሩም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ተፈርዶበት ሳይከፍል በሞተ ሰው ምትክ የቀረበ ወራሽ የሚጠየቀው ከሟቹ ሀብት እጁ በገባው መጠን ብቻ ነው። ይህ «እጁ የገባው መጠን» የሚለው ነገር ለወራሹ ጋሻውም ፈተናውም ነው። ጋሻ የሚሆነው ከዚያ በላይ ስለማይጠየቅ ነው። ፈተና የሚሆነው ደግሞ ፍርድ ቤቱ ምን ያህል እጅህ ገባ፣ ምንስ አደረግኸው ብሎ ሲጠይቅ በወረቀት መመለስ ስላለበት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ነው የፈቱት። በፈረንሳይ ውርሱን ያለ ምንም ገደብ የተቀበለ ወራሽ ዕዳው ከሀብቱ ቢበልጥም በግል ሀብቱ ይጠየቃል፤ ገደብ የሚፈልግ ወራሽ ይህንኑ አስታውቆ የሀብት ዝርዝር ማስመዝገብ አለበት። በጀርመን ውርሱን አልፈልግም ለማለት በተለመደው ሁኔታ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። የኢትዮጵያን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም እዚህ ላይ የአገራቸውን መንገድ አልተከተሉም። ወራሹ ከገደብ በላይ እንዳይጠየቅ አስቀድሞ ማመልከት ሳያስፈልገው፣ ውርሱ ራሱ ተለይቶ እንዲጣራ ነው ያደረጉት። በእስልምናም ቢሆን የሟች ሀብት መጀመሪያ ለቀብሩ፣ ቀጥሎ ለዕዳው፣ ከዚያ ለኑዛዜው፣ በመጨረሻ ለወራሾቹ ነው። ስለዚህ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢወስዱም መነሻው ሩቅ አይሆንም።

ማጣራት የሚለው ቃል ከባድ ይመስላል እንጂ ሥራው አራት ነገር ነው፦ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ማወቅ፣ ሟቹ ምን ትቶ እንደሞተ መመዝገብ፣ የሚሰበሰበውን ሰብስቦ የሚከፈለውን መክፈል፣ የተናዘዘውን መፈጸም። ይህን የሚሠራው ሰው ውርስ አጣሪ ይባላል። ኑዛዜ ከሌለ ሕጋዊ ወራሾቹ ራሳቸው ከሞቱ ቀን ጀምሮ በሕግ አጣሪዎች ናቸው፤ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። ወራሾቹ ካልተስማሙ፣ ወይም በመካከላቸው አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች ካሉ፣ ወይም ዕዳው ከበዛ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ አጣሪ ማሾም ይችላል። ሟቹ ሺሺንዳ ይኖር ከነበረ ማመልከቻው የሚገባው በሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙን ቦንጋ ወደሚገኘው የካፋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማስረጃ ያወጣና ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። በአንቀጽ 996 መሠረት የሚሰጠው ያ ወረቀት የሚናገረው እከሌ የእከሌ ወራሽ መሆኑንና ድርሻውን ነው። በባንክ ያለውን ገንዘብ ለማውጣት፣ የቤቱን ካርታ ስም ለማዛወር ያገለግላል። ሟቹ ስንት ብር ዕዳ እንዳለበት፣ ዕዳው መከፈል አለመከፈሉን ግን አይናገርም። ማስረጃውን ይዞ ገንዘቡን አውጥቶ የተካፈለ ወራሽ ማጣራቱን አልፎ የሄደ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አበዳሪ ውል ይዞ ቢመጣ ያ ማስረጃ አያድነውም፤ እንዲያውም ድርሻውን መውሰዱን ያረጋግጥበታል።

የአከፋፈሉን ቅደም ተከተል አንቀጽ 1014 ይደነግጋል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፤ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፤ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፤ ቀጥሎ ከውርሱ ቀለብ የሚጠይቁ ሰዎች፤ በመጨረሻ በኑዛዜ ለይቶ የሰጣቸው ስጦታዎች። ወራሽ የሚካፈለው ይህ ሁሉ አልፎ የቀረውን ነው። የቀብር ወጪ ቅድሚያ ቢያገኝም ልክ አለው፤ ከሟቹ ኑሮ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ሕጉ ተዝካርን በግልጽ ከቀብር ወጪ ውጭ አድርጎታል። ይህ ድንጋጌ ሲነበብ አንዳንዱን ሰው ያስከፋል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ለአርባ የሚታረደው በሬና የሚጠመቀው ጠላ ከሟቹ ሀብት ላይ በቅድሚያ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ፣ ቡናውን በዱቤ ያስረከበው ገበሬ ገንዘብ በድግስ ያልቅ ነበር። ልጅ ለአባቱ ተዝካር ማውጣት ይችላል፤ የሚያወጣው ግን ከራሱ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለስሌት የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ፦ ሚስቱ ቀድማ የሞተችበት፣ ሦስት የደረሱ ልጆች ያሉት አንድ የሺሺንዳ ቡና ነጋዴ ኅዳር ላይ ያርፋል። የከተማ ቤቱ 800,000 ብር ያወጣል። መጋዘን ያለው ጀንፈል ቡና 260,000 ብር፣ ሞተር ብስክሌቱ 100,000 ብር፣ የባንክ ሂሳቡ 40,000 ብር ነው። ጠቅላላው 1,200,000 ብር። ዕዳውን ስናይ ቤቱን በመያዣ የያዘው ባንክ 700,000 ብር ይጠይቃል። በደብተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረ ገበሬዎች በአንድነት 240,000 ብር አላቸው። አንድ ወዳጁ በተፈረመ ውል 260,000 ብር አበድሮታል። ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ያለ ወረቀት 50,000 ብር ሰጥቼዋለሁ ይላል።

ቤቱ ይሸጥና ባንኩ 700,000 ብሩን ይወስዳል፤ 100,000 ብር ይተርፋል። ከቡናው፣ ከሞተሩና ከባንክ ሂሳቡ ጋር ሲደመር 500,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 60,000 ብር የቀብር ወጪና 20,000 ብር የማጣሪያ ወጪ ሲነሳ 420,000 ብር ይቀራል። የገበሬዎቹና የወዳጁ ዕዳ ግን 500,000 ብር ነው። ሀብቱ አይበቃም ማለት ነው፤ ስለዚህ እኩል ደረጃ ያላቸው ጠያቂዎች እንደ ዕዳቸው መጠን ይካፈላሉ። ከእያንዳንዱ ብር 84 ሳንቲም ይደርሳቸዋል፦ ለገበሬዎቹ 201,600፣ ለወዳጁ 218,400 ብር። የቀረውን 80,000 ብር ልጆቹ ከኪሳቸው የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። ውርስ ግን አልደረሳቸውም። የበኩር ልጁ ለአርባው 120,000 ብር አውጥቶ ከሆነ ይህ ወጪ ሂሳቡ ውስጥ አይገባም፤ የራሱ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

ወረቀት የሌለው 50,000 ብርስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ ነው፤ ድንጋጌው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ምስክር ቆጥሮ የመጣው ሰው በፍርድ ቤት ይቸገራል። ልጆቹ «አባታችን ነግሮናል፣ እውነት ነው» ቢሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል፦ ጠያቂዎቹ 550,000 ብር ይሆኑና የእያንዳንዱ ድርሻ ከ84 ሳንቲም ወደ 76 ሳንቲም ገደማ ይወርዳል። የልጆቹ ደግነት የሚከፈለው ከገበሬዎቹ ገንዘብ ላይ ነው። ሀብት በማይበቃበት ውርስ ውስጥ ዕዳ ማመን የቤተሰቡ ብቻ ጉዳይ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ አጣሪው እያንዳንዱን ጥያቄ በማስረጃ መዝኖ መመዝገብ አለበት።

የገበሬዎቹ ደብተር ከዚህ ይለያል። እዚያ ያለው ብድር ሳይሆን በዱቤ የተሸጠ ቡና ነው። አጣሪው የሟቹን ደብተር፣ ደረሰኝና ውሎች ራሱ የመፈተሽ ግዴታ አለበት፤ ጠያቂ እስኪመጣ ተቀምጦ አይጠብቅም። በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ማስታወቅ፣ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ጉዳዩ ከፍ ያለ ከሆነ በጋዜጣ ማውጣት በተግባር የሚሠራባቸው መንገዶች ናቸው። በሐዘን ቤት ሽማግሌ ተነስቶ ሟቹ የተበደረውም ያበደረውም ካለ ይናገር ብሎ የመጠየቅ ልማድ ባለበት ቦታ፣ የዚያን ዕለት የተነገረውን ስም፣ መጠንና ቀን መጻፍ ለአጣሪው ትልቅ ስንቅ ነው። ያ ልማድ ከሕጉ ጋር አይጣላም። የሚጎድለው ብዕርና ወረቀት ብቻ ነው።

ቤቱን ስለመሸጥ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አጣሪው ዕዳ ለመክፈል ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ በተለይ እንደ ቡና ያለ ቢቆይ የሚበላሽ ወይም ዋጋው የሚወርድ ነገር መሸጥ ይችላል፤ ቤት ግን ወራሾቹ ሁሉ ካልተስማሙ ወይም ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ አይሸጥም። ባንኩ ግን ይህን አይጠብቅም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ውርሱ እስኪጣራ ባንኩ ይታገሳል ብለው ከተቀመጡ ቤቱ በማይፈልጉት ዋጋ ሊሄድ ይችላል። የሚሻለው የሞት ማስረጃውን ይዞ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ ያለውን ዕዳ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከዚያም ብድሩ የሕይወት መድን የተገባለት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ነው። አንዳንድ ብድሮች ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ የሚከፍል መድን ይኖራቸዋል፤ ቤተሰቡ ካልጠየቀ ግን ማንም ላይነግረው ይችላል።

በምሳሌው ነጋዴው ሚስቱ የሞተችበት የሆነው ሂሳቡ እንዲቀል ነው። ባለትዳር ሲሞት ከሁሉ በፊት የሚደረገው የጋራውን ሀብትና የጋራውን ዕዳ መለየት ነው። ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ብድር፣ ለምሳሌ ለቤት ወጪ ወይም ሁለቱ አብረው ለሚተዳደሩበት ንግድ፣ የጋራ ዕዳ ይሆናል፤ በጋራ ሀብቱ ላይ ይወድቃል። ውርስ የሚባለው የሟቹ ድርሻ ብቻ ነው። ሚስት ግማሽዋን የምትወስደው እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ባለሀብት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ አበዳሪ የጋራውን ሀብት ሁሉ የሟቹ አድርጎ ይቆጥራል፤ የማያውቅ ቤተሰብ ደግሞ የባልን የግል ዕዳ ከሚስት ድርሻ ላይ ይከፍላል።

ከውርሱ ውጭ የሚሆኑ ገንዘቦችም አሉ። ሟቹ ተጠቃሚውን ስሙን ጠቅሶ የገባው የሕይወት መድን ለተጠቀሰው ሰው ይከፈላል እንጂ ውርሱ ውስጥ አይገባም። በሞቱ ምክንያት ለሚስቱና ለልጆቹ የሚከፈል ጡረታ ወይም ካሳም እንዲሁ ነው፤ አንቀጽ 828 የውርስ አካል አይደለም ይላል። ስለዚህ የመምህር ልጆች በአባታቸው ሞት የሚያገኙትን የጡረታ ገንዘብ ለአባታቸው አበዳሪ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ቤተሰቡ ከዚህ ሁሉ ጥበቃ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በገዛ እጁ ነው። አንዱ መንገድ ንብረት መቀላቀል ነው። ልጁ የአባቱን ቡና ከራሱ ቡና ጋር ይሸጥና ገንዘቡን ሂሳቡ ውስጥ ያስገባል፤ ሞተሩን ይነዳል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ይይዛል፤ ምን እንደነበረ የጻፈ ሰው የለም። ሁለት ዓመት አልፎ ሲከሰስ ከአባቴ ያገኘሁት 100,000 ብር ብቻ ነው ይላል፤ ከሳሹ ደግሞ 400,000 ነው ይላል። ያኔ ገደቡ በሕጉ ቢኖርም መጠኑን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት የቤተሰቡ አባላት፣ አንድ ገለልተኛ ሽማግሌና ከተቻለ የቀበሌ ተወካይ ባሉበት ንብረቱን ቆጥሮ፣ ገምቶ፣ አስፈርሞ ማስቀመጥ ዋጋው ብዙ የሆነው ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ላይ ኪሎ፣ የማሽን ወይም የሞተር ቁጥር፣ የባንክ ሂሳቡ ቀሪ፣ የቀንድ ከብቱ ብዛት፣ የንብ ቀፎው ሳይቀር መስፈር አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ፊርማ ነው። አበዳሪው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ልጁም ከሐፍረት ብዛት የአባቴን ዕዳ በሁለት ዓመት እከፍላለሁ ብሎ አዲስ ውል ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ውርስ መሆኑ ያበቃል። የራሱ ውል ነውና የሚጠየቀው በራሱ ደመወዝና በራሱ ቤት ነው፤ የውርሱ መጠን ገደብ አይሆነውም። መክፈል የሚፈልግ ልጅ መክፈል ይችላል፤ ይህን የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ብዙዎችም የአባታቸውን ስም ብለው ያደርጉታል፣ የሚያስከብርም ነው። ግን ምን እንደሚፈርም አውቆ መሆን አለበት። ከውርሱ ሀብት እከፍላለሁ ብሎ መፈረምና እኔ እከፍላለሁ ብሎ መፈረም በፍርድ ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዋስም ይታሰብ። ብድሩ በቡድን ወይም በግለሰብ ዋስትና የተወሰደ ከሆነ ተበዳሪው ስለሞተ ዋሱ ነፃ አይወጣም፤ አበዳሪው ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል። ዋሱ ከከፈለ በአበዳሪው ቦታ ገብቶ ከውርሱ ይጠይቃል። ሀብቱ ካልበቃ የሚጎዳው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ዋሱ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለሆነ፣ ልጆቹ ሕጉ ባያስገድዳቸውም ጉድለቱን ለመሙላት የሚገፋቸው ይህ ነው።

ውርሱን ጨርሶ አልፈልግም ማለትም ይቻላል። ወራሽነቱን የማይቀበል ሰው ይህንን በግልጽ ለአጣሪው ማሳወቅ አለበት፤ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ቶሎ መናገር ይበጃል። ቤቱን ይዤ ዕዳውን እተዋለሁ ማለት ግን አይቻልም፤ ወይ ሁሉንም ነው ወይ ምንም። ደግሞ ሞተሩን የሸጠ፣ ቤቱን ያከራየ ወራሽ በድርጊቱ ተቀብሏል ይባላል። የሚፈርስ ጣራ ማስጠገን፣ ቡናው እንዳይሻግት ማስገልበጥ ግን ንብረት መጠበቅ እንጂ መቀበል አይደለም። ውርሱ ተለይቶ የሚጣራ በመሆኑ በኢትዮጵያ ሕግ እምቢ ማለት እንደ ፈረንሳይ ወይም እንደ ጀርመን አስፈላጊ አይሆንም። የሚጠቅመው በዋናነት ከክርክሩ ጨርሶ ለመራቅ ለሚፈልግ ሰው ነው።

የገጠሩ መሬት ጉዳይ ለካፋ ገበሬ ከሁሉ ይበልጣል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬ ሲሞት አበዳሪው ይዞታውን በሐራጅ አሸጣለሁ ማለት አይችልም፤ የመጠቀም መብቱ በገጠር መሬት ሕጉ መሠረት ወደ ወራሾቹ ያልፋል። በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተፈራ ነገር ግን የሰውየው ሀብት ነው። የተሰበሰበ ቡና፣ በቆጥ ላይ ያለ ማር፣ ከብት፣ ቤት ውርሱ ውስጥ ይገባሉና ለዕዳው ይውላሉ። የሺሺንዳ አካባቢ ገበሬ ልጆች የአባታቸው ዕዳ ሲጠየቁ መሬቱን እናጣለን ብለው የሚሰጉት ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ነው፤ የዚያ ዓመቱ ቡና ግን በእርግጥ ሊሄድ ይችላል።

ይህም መልክ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው መሬቱን አይገዛም፤ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት ግን ሊያገኝ ይችላል። ከአሁን በኋላ የአባታቸውን የቡና ማሳ የሚረከቡ ልጆች የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው በይዞታው መዝገብ ላይ የተመዘገበ የብድር ዋስትና መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። አርሰን እንበላለን ብለው የወረሱት ማሳ ለጥቂት ዓመታት በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላልና።